ፈንታኒልን ትቶ ቡፕረኖርፊን መውሰድ ሱስ መለወጥ ነውን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ24 ዓመት ልጄ ሰማያዊዋን የፈንታኒል ክኒን ማጨስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሐኪሙ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ሱቦክሶን አዘዘለት፤ ካልተስማማውም ሜታዶን አለ ብሎናል። ሁለቱም ኦፒዮይድ ናቸው ሲባል ደነገጥኩ። አባቱ «ሁለት ሳምንት ወስዶ ያቁምና አገር ቤት ሄዶ ጠበል ይጠመቅ» ይላል። ይህ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለም ወይ? ምን እናድርግ?

መልስ፦

አይደለም። የሰሙት ነገር ግን ሐሰት ስላልሆነ ከእሱ ልጀምር። ሜታዶንም ሆነ በሱቦክሶን ውስጥ ያለው ቡፕረኖርፊን ኦፒዮይድ ናቸው፤ አንጎል ውስጥ የሚያርፉትም ሞርፊን፣ ሄሮይንና ፈንታኒል በሚያርፉበት በዚያው ቦታ ነው። ልጅዎ መድኃኒቱን ከለመደ በኋላ በአንድ ቀን ቢያቆመው ይታመማል። ይህን አድበስብሶ የሚያልፍ ሐኪም፣ ቤተሰቡ በኋላ እውነቱን ከሌላ ሰው ሲሰማ በሕክምናው ላይ ያለውን እምነት ያሳጣዋል። የጥያቄዎ መልስ የሚገኘው ሦስት ነገሮችን በመመልከት ነው፤ አንድ ኦፒዮይድ ወደ አንጎል በምን ፍጥነት ይገባል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ እዚያ ደርሶስ ምን ያህል ይሠራል።

በአንጎል ሕዋሶች ላይ «ሙ» የሚባሉ የኦፒዮይድ ተቀባዮች አሉ። ሰውነታችን በራሱ የሚያመርታቸው የሕመም ማስታገሻዎች የሚሠሩት በእነዚህ ላይ ነው። የፈንታኒል ጭስ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል፤ ተቀባዮቹንም በአንድ ጊዜ ያጥለቀልቃቸዋል። ምርቃናው የሚመጣው ከዚህ ድንገተኛ ጎርፍ ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን መጠኑ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ እንደገና ማጨስ ይመጣል። አንጎል ይህን መውጣትና መውረድ ለወራት ሲሸከም ራሱን በዚያው ልክ ያስተካክላል። ኦፒዮይድ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን የንቃትና የድንጋጤ ኬሚካል ስለሚያፍን፣ ኬሚካሉን የሚያመነጩት ሕዋሶች አፈናውን ለመቋቋም ከወትሮው በላይ መሥራትን ይለምዳሉ። ፈንታኒሉ ሲወርድ አፈናው ይነሳል፤ ሕዋሶቹ ግን በዚያው ጉልበታቸው ይቀጥላሉ። ላቡ፣ የልብ ምቱ መጣደፍ፣ መንቀጥቀጡ፣ ተቅማጡ፣ የአጥንት ቁርጥማቱና እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኛው ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ወጣት በቀን ብዙ ጊዜ የሚያጨሰው በአብዛኛው ለምርቃና አይደለም። ያ ከቀረ ቆይቷል። የሚያጨሰው ከአልጋው ተነስቶ ሥራ ለመሄድ፣ ወይም ከእናቱ ጋር ተቀምጦ እራት ለመብላት ነው። ቀኑ ሙሉ በሁለት ነገሮች መካከል የተከፋፈለ ይሆናል፤ ወይ ፈዞ ያንቀላፋል፣ ወይ ቀጣዩን እስኪያገኝ ይቁነጠነጣል። ገንዘብ ከቤት የሚጠፋውም፣ ውሸቱም የሚበዛው በዚህ በመቁነጥነጡ ሰዓት ላይ ነው።

በፍጥነትና በቆይታ የሚለያዩ ኦፒዮይዶች የሚያመጡት ልዩነት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ተቋም ነበር። ቪንሰንት ዶል የሚባሉ የሜታቦሊዝም ሊቅ፣ ማሪ ናይስዋንደር ከሚባሉ የአእምሮ ሐኪምና ከወጣቷ ሐኪም ሜሪ ጂን ክሪክ ጋር ሆነው፣ ለዓመታት ሄሮይን ሲወስዱ የቆዩ ጥቂት ሕሙማንን ሆስፒታል አስተኝተው ያጠኑ ጀመር። በመጀመሪያ የሰጧቸው ሞርፊን ነበር። ሕሙማኑ በቀን ብዙ መርፌ ፈለጉ፤ መጠኑ እየጨመረ ሄደ፤ የተረፈውን ጊዜ ወይ ያንቀላፋሉ ወይ ቀጣዩን መርፌ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ወደ ሜታዶን ቀየሯቸው። ሰዎቹ ያው፣ ሆስፒታሉ ያው፣ የአንጎል ተቀባዩም ያው ነበር። በሳምንታት ውስጥ ግን አንደኛው ሥዕል መሣል ጀመረ፣ ሌላው ያቋረጠውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ልጨርስ ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት በ22 ሕሙማን ላይ ያዩትን በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ኦፒዮይድ ናቸው፤ አንደኛው ሰውየውን መርፌ ጠባቂ አደረገው፣ ሌላው ለሌላ ነገር ነጻ አወጣው። ለእኔ የጥያቄዎ ዋና ማስረጃ ይኸው ነው።

ሜታዶን በአፍ ሲወሰድ በደም ውስጥ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ከፍተኛው መጠን የሚደርሰው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣትም በአማካይ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን የትናንቱ ሳያልቅ ይደርስና በደም ውስጥ ያለው ልክ ቀኑን ሙሉ ብዙም ሳይዋዥቅ ይቆያል። ጎርፉ ይቀራል፣ መድረቁም ይቀራል። ኖርአድሬናሊኑ ይረጋጋል። መጠኑ በቂ ከሆነ ሰውየው ተሸንፎ ሄሮይን ቢወስድ እንኳ የሚሰማው ነገር ትንሽ ነው።

ቡፕረኖርፊን ደግሞ ሁለት ልዩ ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው፣ ተቀባዩን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ብቻ የሚያሠራ መሆኑ ነው። የፈንታኒል መጠን በጨመረ ቁጥር ትንፋሽ እየደከመ እስከ መቆም ይደርሳል፤ ቡፕረኖርፊን ግን አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ መጠኑ ቢጨመርም ትንፋሽን የማፈን ኃይሉ አይጨምርም። ለዚህ ነው ብቻውን ሲወሰድ ኦፒዮይድ የለመደ ጎልማሳን የመግደል ዕድሉ በጣም አነስተኛ የሆነው። ከአልኮል ወይም ከዛናክስና ከቫሊየም ዓይነት ማስታገሻ ጋር ሲደባለቅ፣ ወይም ሕፃን ሲውጠው ግን ይህ ዋስትና አይሠራም። ሁለተኛው ጠባዩ፣ ተቀባዩን ከያዘ አጥብቆ መያዙና ቶሎ አለመልቀቁ ነው። ከያዘ በኋላ ፈንታኒል ቢመጣ እንኳ ገፍቶ ለመግባት ይቸግረዋል።

ወደ ሱስ ትርጉም እንምጣ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት መመሪያ የኦፒዮይድ ሱስ የሚመረመረው በ11 መስፈርቶች ነው። ከእነዚህ ዘጠኙ ሰውየው ስለሚያደርገውና ስለሚደርስበት ነገር የሚጠይቁ ናቸው፤ ካሰበው በላይ ይወስዳል ወይ፣ ለማቆም ሞክሮ አቅቶታል ወይ፣ ቀኑን የሚያጠፋው ይህን በመፈለግ ነው ወይ፣ ሥራና ትምህርት ትቷል ወይ፣ ጉዳቱን እያወቀ ይቀጥላል ወይ፣ እና የመሳሰሉት። የቀሩት ሁለቱ የሰውነት መላመድና ሲቀር መታመም ናቸው። መመሪያው ሰውየው መድኃኒቱን በሐኪም ክትትል እንደታዘዘለት የሚወስድ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ እንዳይቆጠሩ በግልጽ ይደነግጋል። ምክንያቱም ለካንሰር ሕመም ሞርፊን የሚወስዱ አዛውንትም ሰውነታቸው ይላመዳል፣ ሲቀርባቸውም ይታመማሉ፤ ሱሰኛ ግን አይደሉም። ልጅዎ ጠዋት መድኃኒቱን ከምላሱ ሥር አስቀምጦ ሥራ ሄዶ፣ ማታ ደመወዙን ይዞ ቤት ከገባ፣ ከ11ዱ የሚቀሩት እነዚያ የማይቆጠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ አጀማመሩ ልግባ፤ ብዙ ቤተሰብ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት አስታውሳለሁ፤ ማንነቱን የሚገልጽ ዝርዝር ትቼ ልንገርዎት። ዕቃ በማድረስ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ በቀን አሥር ያህል ክኒን ያጨሳል። ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ከጓደኛው ላይ ባለ 8 ሚሊግራም ሱቦክሶን ተቀብሎ፣ ካጨሰ አምስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ወስዶታል። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ያስመልሰው ጀመር፤ ላቡ አንሶላውን አረጠበው፤ እግሮቹ አልቆም አሉት። «መድኃኒቱ ለእኔ መርዝ ነው፤ ሁለተኛ አልነካውም» ብሎ ነበር።

የደረሰበት ነገር በሚገባ የታወቀ ነው። ተቀባዮቹ ገና በፈንታኒል ተይዘው ሳለ ቡፕረኖርፊን መጣ፤ ይበልጥ አጥብቆ ስለሚይዝ ፈንታኒሉን አስለቅቆ ቦታውን ወሰደ፤ የሚሠራው ግን በከፊል ስለሆነ አንጎል ከሙሉ ወደ ግማሽ በደቂቃዎች ውስጥ ተወረወረ። ሌላ ጊዜ በቀስታ የሚመጣው የማቋረጥ ሕመም በአንድ ጊዜ ወረደበት። ብዙ ሰው ጥፋቱን በሱቦክሶን ውስጥ ባለው፣ ኦፒዮይድን ከተቀባዩ ላይ በሚያስለቅቀው ናሎክሶን ላይ ያሳብባል፤ ናሎክሶን ግን ከምላስ ሥር እምብዛም ወደ ደም አይገባም፣ የተጨመረውም ፊልም የሚባለውን ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ስስ ቅጠል መሳይ መድኃኒት አሟሙተው በመርፌ እንዳይወስዱት ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ቡፕረኖርፊኑ ራሱ ነው፤ የሚያመጣውም ያለ ሰዓቱ ስለተወሰደ ነው። ፈንታኒል ይህን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። በስብ ውስጥ የሚሟሟ ንጥረ ነገር በመሆኑ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው አካል ውስጥ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። በሄሮይን ዘመን 12 ሰዓት መጠበቅ ይበቃ ነበር፤ አሁን አንዳንዱ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ የምናምነው ሰውነቱን ነው። 11 ምልክቶችን እያየን ቁጥር እንሰጣለን፤ የልብ ምት፣ ላብ፣ መቁነጥነጥ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአጥንት ሕመም፣ የአፍንጫና የዓይን ውኃ፣ የሆድ ሁኔታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማዛጋት፣ ጭንቀት፣ የቆዳ መሸማቀቅ። ድምሩ ከ5 እስከ 12 ከሆነ ሕመሙ ቀላል ነው፤ ከ13 እስከ 24 ሲሆን መካከለኛ ይባላል። ፈንታኒል ለሚወስድ ሰው 13 እስኪያልፍ መታገሥን እመርጣለሁ።

ያ ወጣት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን አጭሶ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ድምሩ 9 ነበር። መድኃኒቱን አሁኑኑ ስጡኝ ብሎ ለመነ፤ እኛ ግን ኖርአድሬናሊኑን የሚያበርድ ክሎኒዲንና የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሰጥተን አስቀመጥነው። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቆዳው ተሸማቀቀ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፋ፣ ማዛጋቱ አላቆም አለ፤ ድምሩ 15 ሆነ። ያን ጊዜ 4 ሚሊግራም ከምላሱ ሥር አስቀመጥንለት። ከመጀመሩ በፊት አፉን በውኃ አራሰ፤ ፊልሙ እስኪሟሟ አሥር ደቂቃ ያህል አልተናገረም፣ ምራቁንም አልዋጠም፤ የተዋጠ ቡፕረኖርፊን አብዛኛው በጉበት ተሰባብሮ ስለሚጠፋ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ዋጋ አለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድምሩ ወደ 11 ወረደ፤ 4 ሚሊግራም ጨመርን። አመሻሽ ላይ 6 ደረሰ፤ ለማታ 8 ሚሊግራም ይዞ ሄደ። በማግስቱ 16፣ ከሳምንት በኋላ 24 ሚሊግራም ላይ ረጋ። በሦስተኛው ቀን የነገረኝ ነገር «ዛሬ ስነሳ ስለ ክኒን ያሰብኩት ቁርስ ከበላሁ በኋላ ነው» የሚል ነበር። መጠኑ በቂ መሆኑን ከማንኛውም ምርመራ ይልቅ ይህ ያሳያል።

ሕመሙ ድንገት ቢቀሰቀስስ? በደመ ነፍስ የሚመጣው ሐሳብ መድኃኒቱን አቁሞ ክኒን መፈለግ ነው፤ ይህ አደገኛ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ለሐኪሙ መደወል ነው፤ በአብዛኛው የሚደረገውም ተጨማሪ ቡፕረኖርፊን መስጠት ነው፤ የተራቆቱትን ተቀባዮች ለመሙላት ማለት ነው። ይህን መጠበቅ ፈጽሞ ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከሩብ ወይም ከግማሽ ሚሊግራም ተነስቶ፣ የፈንታኒል ክኒኑን በአንድ ጊዜ ሳያቆም፣ መድኃኒቱን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማሳደግ ይቻላል። ይህ በሐኪም መመሪያ ብቻ የሚደረግ ነው።

ሜታዶን በአጀማመሩ ይህ ችግር የለበትም፤ ሙሉ በሙሉ ስለሚሠራ መታመምን መጠበቅ አያሻም። ቡፕረኖርፊንን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ላልሆነለት፣ ወይም በ24 ሚሊግራም ላይ ሆኖ ሐራራው ላልለቀቀው ሰው እኔ ሳልዘገይ ወደ ሜታዶን እልካለሁ። አደጋው ግን በሌላ በኩል ነው። ለምሳሌ ሰኞ 30 ሚሊግራም የጀመረ ሰው ማክሰኞም ያንኑ ሲወስድ የሰኞው ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ዓርብ ዕለት በደሙ ያለው ልክ መጠኑ ሳይጨመር ከሰኞው እጅግ ይበልጣል። «አልያዘኝም» ብሎ በመሃል የጓደኛውን ድርሻ የጨመረ ወይም አልኮል የጠጣ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ነው መጠኑን በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ብቻ እያሳደግን ወደ 80 ወይም 120 ሚሊግራም የምንደርሰው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ክትትሉ የሚጠብቀው። ቤተሰብ ሊያየው የሚገባው ምልክት አለ፤ ቀን ላይ እየተናገረ የሚያንቀላፋ፣ ሌሊት ከወትሮው በተለየ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ተቀስቅሶ ቶሎ የማይነቃ ከሆነ መጠኑ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ሳይነጋ እርዳታ ያስፈልገዋል። ሜታዶን በአንዳንድ ሰው ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ስለሚያዛባ፣ በቤተሰብ ድንገተኛ የልብ ሞት ካለ ወይም ልጁ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነ የልብ ምርመራ እንዲደረግለት ይንገሩ።

ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ መታወቅ ያለበት ነገርም አለ። ከአገራችን ለመጡ ሰዎች፣ ሳይታመሙ በሰውነታቸው ውስጥ ለተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ፣ አሜሪካ ውስጥ አዘውትሮ የሚታዘዘው ሪፋምፒን ለአራት ወር የሚወሰድ ነው። ሪፋምፒን ጉበት ሜታዶንን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርገዋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲበቃው የነበረው መጠን አይበቃውም፤ ያልበው፣ ያዛጋው፣ እንቅልፍ ያጣ ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ክሊኒክ «እየዋሸ ነው፣ መጠን ለማስጨመር ነው» ሊል ይችላል። የነቀርሳው ሐኪምና የሜታዶኑ ክሊኒክ እንዲነጋገሩ ማድረግ የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉም ሁለቱን ይለያያቸዋል። ለሱስ ሕክምና የሚሰጥ ሜታዶን እዚህ አገር ከተራ ፋርማሲ በማዘዣ አይወጣም፤ ፈቃድ ካለው ክሊኒክ ነው የሚወሰደው፣ በመጀመሪያውም ጊዜ ብዙ ጊዜ በየቀኑ መሄድን ይጠይቃል። ቡፕረኖርፊን ግን ከተራ ፋርማሲ በማዘዣ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ሐኪሞች ይጠየቁት የነበረውን ልዩ ፈቃድ አንስቷል። ሥራ ላለው ወጣት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ቡፕረኖርፊን ትንፋሽን የማፈን ኃይሉ ወሰን ያለው ከመሆኑ ጋር ተደምሮ በልጅዎ ቦታ ከሱቦክሶን መጀመርን ትክክል ያደርገዋል።

የአባቱን ሐሳብ በተመለከተ፣ ጠበሉን ለብቻው፣ የሁለት ሳምንቱን ለብቻው ልይ። በሁለት ሳምንት መጨረስ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት 40 ሄሮይን ተጠቃሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ሁሉም ለአንድ ዓመት ምክርና ክትትል አግኝተዋል። ግማሾቹ በየቀኑ 16 ሚሊግራም ቡፕረኖርፊን ወሰዱ፤ ሌሎቹ ግማሾች በስድስት ቀን እየቀነሱ አቆሙና መድኃኒት የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች 75 በመቶው በሕክምናው ላይ ነበሩ፤ ከሁለተኛዎቹ አንድም አልቀረም። ከመጀመሪያዎቹ የሞተ የለም፤ ከሁለተኛዎቹ አራት ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን ያጠናቀረ ግምገማም በሜታዶን ላይ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከሕክምናው ከወጡ 1,000 ሰዎች ግን 36 ያህሉ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ይብሳሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነት ኦፒዮይድን ለመቻል ያዳበረው ብርታት ካቆመ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የአንጎል ሐራራ ግን በሳምንታት አይጠፋም፤ ወራትና ዓመታት ይቆያል፤ አንድ መንገድ፣ አንድ የጓደኛ ስልክ ይቀሰቅሰዋል። ሰውየው ከጥቂት ወራት በኋላ ተሸንፎ የድሮ መጠኑን ሲያጨስ፣ ሐራራው የድሮው ነው፣ ሰውነቱ ግን የአዲስ ጀማሪ ነው። ከማገገሚያ፣ ከእስር ቤት ወይም ከረጅም ጉዞ በተመለሱ ወጣቶች ላይ ሞት የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅዎ አገር ቤት ሁለት ወር ያለ መድኃኒት ቆይቶ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ ጤነኛ መስሎ ሜሪላንድ የሚገባበት ሳምንት ከሕይወቱ ሁሉ አደገኛው ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ጠበሉ ግን ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ጠበል ቦታ ሲሄድ፣ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያስተማሩ አባቶች የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል፤ እዚህም ያው ነው። ፊልሙ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ለሚጾም ሰው ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ወይም ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ ቡፕረኖርፊን የሰዓታት መዘግየትን ይታገሣል። ለንስሐ አባቱ ልጁ ራሱ ቢነግራቸው ይበጃል። ጉዞው የሚደረግ ከሆነ መድኃኒቱን በፋርማሲው ማሸጊያ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ ለጉዞው ሙሉ ጊዜ የሚበቃ ይዞ ይሂድ። ከመነሳቱ በፊትም የኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን አገር ሕግ ይጠይቅ፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእንዲህ ዓይነት መድኃኒት ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ።

እስከ መቼ ይውሰድ የሚለው ተከታዩ ጥያቄ ነው። ከአንድ ዓመት ያነሰ አልመክርም፤ ከፍተኛ ወሰን ደግሞ የለውም። ሥራው፣ እንቅልፉና ጓደኝነቱ ከረጋ በኋላ ራሱ ልጁ ልቀንስ ሲል በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ይቻላል፤ ሐራራው ከተመለሰ ያለ ሐፍረት ወደ ነበረበት መጠን መመለስ አለበት። በመሃል አንድ ቀን ክኒን ቢያጨስ መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም። ከቀጣዩ ሰዓት በፊት የሚያልበው፣ ንጋት ላይ ተቁነጥንጦ የሚነቃ ከሆነ መጠኑ አንሶት ስለሚሆን ለሐኪሙ ይንገር። በየቀኑ ከምላስ ሥር ማስቀመጥ ለሚያሰለቸው በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ቡፕረኖርፊንም አለ።

በቤት ውስጥ ጥቂት ነገሮችን ዛሬውኑ ያዘጋጁ። መድኃኒቱ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ አንድ ፊልም ወይም አንድ ጉንጭ ሜታዶን ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ፊልሙ ከሟሟ በኋላ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ፣ ጥርሱን ለመቦረሽ ግን አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ወዲያው መቦረሽ ጥርሱን ይጎዳዋል። በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶንም ከማንኛውም ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝተው ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ልጅዎ ከንፈሩ ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ፣ ትንፋሹ ተራርቆ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ሆኖ ካገኙት 911 ይደውሉ፣ በአንደኛው አፍንጫው ይርጩለት፣ የምታውቁበት ከሆነ ትንፋሽ ይስጡት። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ ይርጩ። ቢነቃም ብቻውን አይተዉት፤ ናሎክሶን ከፈንታኒሉ በፊት ሊያልቅና እንደገና ሊያንቀላፋ ስለሚችል አምቡላንሱ እስኪደርስ አጠገቡ ይቆዩ።